ከወተቱ ኬዝ አንድ ምክረ ሐሳብ ማውጣት

ጥያቄ፦ «ኤም.ቢ.ኤ. የምንማር አምስት ልጆች ነን። ስለ አንድ ወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት የተጻፈ ኬዝ ተሰጥቶን በ10 ደቂቃ እንድናቀርብ ታዘናል። እኛ አማካሪዎች ነን፣ መምህሩና ክፍሉ ደግሞ የድርጅቱ ቦርድ። 26 ስላይድ ሠራን። መምህራችን ረቂቁን አይተው ‹ይሄ የኬዙ ማጠቃለያ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?› አሉን። አንዳችን ሁለተኛ ማሸጊያ መስመር ይግዙ ይላል፣ ሁለቱ የራሳቸውን ሱቆች ይክፈቱ ይላሉ፣ ሁለታችን አይብ ያምርቱ እንላለን። ሦስቱንም አስገብተናል። ቁጥሩም በዝቶብናል፤ የቱን ትተን የቱን እናሳይ? ኬዙንና ስላይዶቹን አያይዘናል።»

ምላሽ፦

ሁለቱንም አነበብኳቸው። ሦስቱን ሐሳብ አብራችሁ ያስገባችሁት ላለመጣላት ይመስለኛል። የሦስቱ ድምር ግን 44 ሚሊዮን ብር ነው፣ ኬዙ ደግሞ ባንኩ ከ25 ሚሊዮን በላይ አያበድርም ይላል። ስለዚህ ቦርዱ ሦስቱንም ቢወድ እንኳ ሦስቱንም ማድረግ አይችልም። መምህራችሁ የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ምርጫውን ለእሳቸው ትታችሁላቸዋል።

ፓወርፖይንቱን ዝጉትና ኤክሴል ክፈቱ። በስላይድ ላይ መከራከር የትም አያደርስም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሐሳብ የራሱ የሚያምር ግራፍ አለው። ክርክሩ የሚፈታው ሦስቱም በአንድ መስፈሪያ ሲለኩ ነው። መስፈሪያውንም ኬዙ ሰጥቷችኋል፤ ባለቤቶቹ ያወጡት ገንዘብ በ4 ዓመት ውስጥ እንዲመለስላቸው ይፈልጋሉ።

ከማሸጊያ መስመሩ እንጀምር፣ ቶሎ ያልቃልና። ፋብሪካው በቀን 10,000 ሊትር የማቀነባበር አቅም አለው። ከኅብረት ሥራ ማኅበራት በውል የሚረከበው ዓመቱን ሙሉ በቀን 7,000 ሊትር ነው። ምርጥ በተባለው ወር እንኳ ከአቅሙ 30 በመቶው ሥራ ይፈታል። 24 ሚሊዮን ብር አውጥቶ ሁለተኛ መስመር መግዛት ባዶውን ቦታ ማስፋት ነው።

ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ ያደረጋችሁት ዘጠነኛው ስላይድ ግን ቆም ብሎ መታየት አለበት። «ሽያጩ በየካቲት 35 በመቶ አድጓል» ይላል፣ 2015ን ከ2016 ጋር አነጻጽሮ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ከ156,000 ሊትር ወደ 210,000 ሊትር ሄዷል። ዕድገት ግን የለም። በ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8 ስለዋለ ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 13 ነበር፤ ከወሩ 18 ቀን ጾም ነበረ ማለት ነው። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ስለሆነ ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ነው፣ የካቲት ውስጥ አንድም የዐቢይ ጾም ቀን አልነበረም። ኬዙ በጾም ወቅት በቀን 4,000፣ በፍስክ 7,000 ሊትር ይሸጣል ይላል። 12 ቀን በ7,000 እና 18 ቀን በ4,000 ስታባዙ 156,000 ይመጣል፣ 30 ቀን በ7,000 ደግሞ 210,000። ልዩነቱ በሙሉ የጾሙ መዋዠቅ ነው። የወተት፣ የሥጋና የቅቤ ኬዝ ሲደርሳችሁ ወርን ከወር አታነጻጽሩ፤ ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ አነጻጽሩ። ይህን ስላይድ እንደያዛችሁ ብትወጡ ኖሮ ከቦርዱ መካከል አንድ የሚጾም ሰው ነበር የሚያፈርሳችሁ።

ይኸው ስህተት ግን የኬዙን እውነተኛ ችግር ያሳያል። ላም አይጾምም። ማኅበራቱ በጾምም በፍስክም 7,000 ሊትር ያመጣሉ፣ ድርጅቱም በውሉ መሠረት በሊትር 45 ብር ከፍሎ ይረከባል። ዐቢይ ጾምን 55፣ ጾመ ነቢያትን 43፣ ፍልሰታን 15 ብላችሁ ስትደምሩ 113 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት በየቀኑ 3,000 ሊትር ሳይሸጥ ይተርፋል፣ በዓመት 339,000 ሊትር። ይህ ወተት ቅቤው ወጥቶ፣ ቀሪው ለከብት መኖ ተሰጥቶ የሚያስገባው በሊትር 15 ብር ብቻ ነው። 30 ብር በየሊትሩ ይጠፋል፤ በዓመት 10 ሚሊዮን 170 ሺህ ብር። ይህ ቁጥር በ26ቱ ስላይዶቻችሁ ውስጥ የለም። በአባሪ ሁለት ሰንጠረዥና በገጽ 7 መካከል ተከፋፍሎ ስለተቀመጠ ማንም አላባዛውም። የኬዝ ጸሐፊዎች ሆን ብለው እንዲህ ያደርጋሉ፤ ዋናው ቁጥር ተጽፎ አይሰጥም፣ ከሁለት ቦታ ተለቅሞ ነው የሚሠራው።

የሱቆቹ ሐሳብ ይህን ችግር አይነካውም፣ ጾም ሲገባ ሱቁም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቢሆንም በመስፈሪያው እናስገባው። አሥር ሱቅ በቀን በድምሩ 1,000 ሊትር በፍስክ፣ 500 በጾም ቢሸጡና የአከፋፋዩ 8 ብር ለድርጅቱ ቢቀር በዓመት ወደ 2.47 ሚሊዮን ብር ይገኛል። እናንተ እዚህ ላይ አቆማችሁና «በ4 ዓመት አካባቢ ይመልሳል» አላችሁ። የሱቅ ኪራይና የሻጭ ደመወዝስ? ኬዙ ገጽ 12 ላይ በሱቅ በወር 15,000 ብር ብሎታል፤ ለአሥሩ በዓመት 1.8 ሚሊዮን ነው። የሚቀረው 670,000 ብር ገደማ ነው፣ ሱቆቹን ለመክፈት የሚወጣውን 9 ሚሊዮን ለመመለስም ከ13 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሁለቱ ጓደኞቻችሁ ቅር እንዳይላቸው ይህን ስሌት ራሳቸው ይሥሩት፤ ሰው ራሱ ያባዛውን ቁጥር አይከራከረውም።

አሁን አይቡ። ብዙ ግሩፕ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። ለአንድ ኪሎ አይብ ወደ 10 ሊትር ወተት ይፈልጋል፣ ኬዙ ደግሞ አንድ ኪሎ ፕሮቮሎኔ ለአከፋፋይ በ550 ብር ይሸጣል ይላል። ስለዚህ አንድ ሊትር ወተት አይብ ሲሆን 55 ብር ያወጣል። የማምረቻው ወጪ፣ ማለትም መብራት፣ ማርጊያ፣ ጉልበትና ማሸጊያ፣ በሊትር 15 ብር ነው። ከዚህ በኋላ ምን ይቀነሳል?

አንደኛው መንገድ የወተቱን 45 ብር መቀነስ ነው። ያኔ 5 ብር ኪሳራ ይመጣና «አይብ አያዋጣም» ትላላችሁ። ሁለተኛው ምንም አለመቀነስ ነው፤ እናንተ ያደረጋችሁት ይህን ነው፣ 40 ብር ትርፍ አሳይታችኋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። 45 ብሩ አይብ ተመረተም አልተመረተም በውሉ ይከፈላል፣ ስለዚህ በዚህ ውሳኔ አይለወጥም። የሚለወጠው ዛሬ ከዚያ ወተት የምትገኘው 15 ብር ናት፤ ወተቱ አይብ ከሆነ እሷ ትታጣለች። እንግዲህ 55 ሲቀነስ 15 ሲቀነስ 15፣ በሊትር 25 ብር ነው። ገበያው ከ3,000 ሊትሩ 2,000ውን ብቻ ይሸከማል ስለተባለ 2,000 በ113 ቀን 226,000 ሊትር ይሆናል፣ ጥቅሙም በዓመት 5.65 ሚሊዮን ብር።

ወጪውንም አስተካክሉ። ማሽኑና አይቡ እየቆየ የሚበስልበት ክፍል 11 ሚሊዮን ብር ነው፣ ግን አይቡ ተመርቶ ወዲያው አይሸጥም፤ ክፍል ውስጥ ይበስላል፣ ጾሙ ሲፈታ ገበያ ይወጣል። እስከዚያ የማምረቻው ወጪ ከኪስ ይወጣል። በረጅሙ ጾም ብቻ 55 ቀን በ2,000 ሊትር በ15 ብር 1.65 ሚሊዮን ብር የሥራ ማስኬጃ ያስፈልጋል። ከቦርዱ የምትጠይቁት 12.65 ሚሊዮን ነው፣ የሚመለሰውም በ2 ዓመት ከ3 ወር ገደማ።

እዚህ ደርሳችሁ «አይብ አሸነፈ» ብላችሁ ስላይድ እንዳትጀምሩ። ከእናንተ ማንም ያላነሳው አራተኛ አማራጭ አለ፣ ቦርዱ ግን ያነሳዋል፤ ውሉን ለውጦ በጾም ወተቱን አለመረከብ። ያኔ በሊትር 30 ብር ይድናል፣ ይህም ከአይቡ 25 ብር ይበልጣል፣ ለዚያውም ያለ ምንም ብድር። በ226,000 ሊትር ላይ ልዩነቱ በዓመት 1.13 ሚሊዮን ነው፣ 11 ሚሊዮኑን በ10 ዓመት ስታካፍሉት ሌላ 1.1 ሚሊዮን ይጨመራል። አለመረከብ በዓመት 2.23 ሚሊዮን ይበልጣል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አይብ?

ምክንያቱም በጾም ወተቱ ያልተወሰደለት ገበሬ በፍስክ ላይመጣ ይችላል። ድርጅቱ በፍስክ ከአንድ ሊትር 12 ብር ያተርፋል፤ በ70 ይሸጣል፣ 45 ለወተቱ፣ 13 ለማቀነባበሪያው ይከፍላል። በቀን አንድ ሊትር ቢቀርበት በ252 የፍስክ ቀናት 3,024 ብር ያጣል። 2.23 ሚሊዮኑን ለዚህ ስታካፍሉ 737 ሊትር ይመጣል። ከ7,000 ውስጥ ከአሥር ሊትር አንዱ ትንሽ አለፍ ብሎ ካልተመለሰ አለመረከብ ጥቅሙ ያልቃል። ገጽ 11 ላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ በአንድ ዓመት በጾም አንረከብም ብለው ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው ወተት በአንድ አምስተኛ እንደቀነሰ ተጽፏል። አንድ አምስተኛ ከአንድ አሥረኛ እጥፍ ነው። ውሳኔውን የሚያስረው ይህ ነው፤ ይህን ካገኛችሁ ኬዙን ፈትታችኋል።

አሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ቦርዱ በጾም ከሚተርፈው ወተት በቀን 2,000 ሊትሩን ወደ አይብ ለመቀየር 12.65 ሚሊዮን ብር ያጽድቅ፤ በዓመት 5.65 ሚሊዮን ብር ያስገኛል፣ ገንዘቡም በ2 ዓመት ከ3 ወር ይመለሳል።» ማን፣ ምን፣ በስንት፣ ምን ሊያገኝ፣ መቼ፤ ሁሉም አለበት። ረቂቃችሁ ላይ ያለው «ድርጅቱ ምርቱን ማስፋፋትና የገበያ ትስስሩን ማጠናከር ይኖርበታል» ግን ለሲሚንቶ ፋብሪካም ይሠራል። ምክረ ሐሳብ መሆኑን የምታውቁት ቦርዱ «አይሆንም» ሊለው ሲችል ነው፤ የገበያ ትስስርን ማጠናከር አይሆንም የሚል ሰው የለም።

ይህች ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ስላይድ ናት። የድርጅቱ ታሪክ፣ የምሥረታው ዘመን፣ ራእይና ተልእኮ፣ የጥንካሬ፣ የድክመት፣ የዕድልና የስጋት ሰንጠረዡ ሁሉ ይውጣ። ቦርዱ የራሱን ድርጅት ያውቃል፣ ኬዙንም ክፍሉ በሙሉ አንብቦታል። ለ10 ደቂቃ ሰባት ስላይድ በቂ ነው፣ እያንዳንዱም አርእስት የተሟላ ዓረፍተ ነገር ይሁን። «የፋይናንስ ትንተና» አርእስት አይደለም፣ የምዕራፍ ስም ነው። ሁለተኛው «በጾም የሚተርፈው ወተት በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ያሳጣል» ይበል። ሦስተኛው ማሸጊያውና ሱቆቹ ይህን እንደማይፈቱ፣ አራተኛው አይቡ በሊትር 25 ብር እንደሚጨምር፣ አምስተኛው በጾም አለመረከብ ርካሽ ቢመስልም የፍስኩን ወተት እንደሚያሳጣ፣ ስድስተኛው ምን ቢበላሽ እቅዱ እንደሚከሽፍ፣ ሰባተኛው እስከሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ማን ምን እንደሚሠራ ይናገሩ። ሲያልቅ አርእስቶቹን ብቻ ለማያውቀው ሰው አንብቡለት። ክርክሩ ከገባው ስላይዶቹ ቆመዋል፣ መሃል ላይ «እና ምን ይሁን?» ካለ ክፍተቱ እዚያ ነው።

ሁለተኛውን ስላይድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ሌሎቹ በእሱ ይለካሉ። የጎን አግዳሚው የዓመቱ ወራት ሳይሆን አራት የጊዜ ክፍል ይሁን፦ ጾመ ነቢያት፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ፍስክ። በላዩ በቀን የተሸጠው ሊትር በባር፣ የተረከቡት 7,000 ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋ አንድ መስመር። በባሩ ጫፍና በመስመሩ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የሚተርፈው ወተት ነው፤ እሱን ብቻ በቀይ ቀቡት፣ ባሮቹ ግራጫ ይሁኑ። ቋሚው መለኪያ ከዜሮ ይጀምር። ከ3,000 ቢጀምር የ4,000ው ባር ከ7,000ው ሩብ ብቻ ሆኖ ይታያል። ከታች በትንሽ ፊደል «ምንጭ፦ ኬዙ፣ አባሪ 2 እና ገጽ 7፤ ስሌት የግሩፑ» ይጻፍ። ከኬዙ የተወሰደውንና እናንተ የገመታችሁትን ቁጥር መለየት ግድ ነው፣ ጥያቄ ሲመጣ የምትከላከሉት ሁለተኛውን ብቻ ነውና።

በአራተኛው ላይ የኤክሴሉን ሰንጠረዥ አትለጥፉ። አራት ቁጥር ይበቃል፦ 55፣ 15፣ 15፣ 25፣ ከወተት ወደ አይብ ደረጃ በደረጃ ሲወርዱ። «የወተቱ 45 ብርስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ የሚመልሰው ሰው ከወዲሁ ይታወቅ፣ መልሱም «በውሉ ሁሌም ይከፈላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን።

በስድስተኛው ስላይድ «ስጋቶች፦ ውድድር፣ የዋጋ ንረት፣ የገበያ መዋዠቅ» የሚለውን ዝርዝራችሁን አውጡና ሁለት ቁጥር ተኩበት። የአይቡ ዋጋ ከ550 ወደ 440 ብር ቢወርድ ገንዘቡ በ4 ዓመት ገደማ ይመለሳል፤ ከዚያ በታች ግን የባለቤቶቹን ገደብ ያልፋል። ወተቱ ቀጥኖ ለኪሎ 12 ሊትር ቢፈልግ ደግሞ ጥቅሙ በዓመት ወደ 3.58 ሚሊዮን ይወርድና 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢመጡ እቅዱ ይፈርሳል፤ ይህንንም ራሳችሁ ተናገሩት፣ ቦርዱ ፈልጎ ከሚያገኘው ይሻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በትንሽ መጠን አምርቶ ምን ያህል አይብ እንደሚወጣ መመዘን ነው፣ ሰባተኛው ስላይድም ከዚህ ይጀምር።

የሥራ ክፍፍላችሁ ላይ አንድ ነገር አየሁ። አምስታችሁ ስላይድ ተካፍላችሁ በየቤታችሁ ሠርታችሁ አገጣጥማችኋል፤ ሦስተኛው ላይ አቅም 10,000 ሊትር ነው፣ አሥራ አራተኛው ላይ 12,000። ስላይድ ሳይሆን ሥራ ተካፈሉ። አንድ ሰው የኤክሴሉ ባለቤት ይሁን፣ በስላይድ ላይ የሚገባ ቁጥር ሁሉ ከእሱ ፋይል ብቻ ይምጣ፣ ሲቀየርም እሱ ለሁሉም ይንገር። ሌላው እያንዳንዱን ቁጥር ከኬዙ ገጽ ጋር ያመሳክር። አንዱ የስላይዶቹን መልክ ይያዝ። ሁለቱ ይናገሩ፤ መምህሩ ሁላችሁም ካላቀረባችሁ ካላሉ በቀር በ10 ደቂቃ ውስጥ አምስት ሰው መቀያየር ሰዓት ይበላል። ሁላችሁም መናገር ካለባችሁ ቅብብሉ በክርክሩ መገጣጠሚያ ላይ ይሁን፦ ከችግሩ ወደ አማራጮቹ፣ ከአማራጮቹ ወደ ምርጫው።

ከሰባተኛው በኋላ የማይቀርቡ፣ ጥያቄ ከመጣ ብቻ የሚከፈቱ ሦስት ስላይዶች አስቀምጡ። አንዱ የሱቆቹ ስሌት ከነኪራዩ፣ ሁለተኛው የ737 ሊትሩ ስሌት ይሁን። ሦስተኛው የምንዛሬው ነው። የኬዙ የማሽን ዋጋ ከሐምሌ 2016 በፊት የተወሰደ ነው። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሲሆን፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የኬዙን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትቀይሩት፣ ሌላው ዋጋ ሁሉ የዚያው ጊዜ ነውና ስሌቱ ይዛባል። በመጠባበቂያው ስላይድ ላይ ብቻ ከ11 ሚሊዮኑ 7 ሚሊዮኑ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው ብላችሁ ገምቱና በእጥፍ አሳድጉት፤ ጠቅላላው 19.65 ሚሊዮን ይሆናል፣ የወተትና የአይብ ዋጋ ባለበት ቢቆይም በ3 ዓመት ተኩል ይመለሳል። 7 ሚሊዮኑ የእናንተ ግምት መሆኑ እዚያው ስላይዱ ላይ ይጻፍ። ኬዙ ማሽኑንና ክፍሉን ለይቶ ዋጋቸውን አልሰጠም።